ለቪዛ የሚጠየቀው የባንክ ወረቀትና ማመልከቻው

ከጅጋ፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ልጁን ለትምህርት ወደ ውጭ የሚልክ አባት ከባንኩ ሁለት ወረቀቶች ያስፈልጉታል። አንደኛው የሒሳብ መግለጫ ነው፤ ባንክ ቤት ሁሉም ስቴትመንት ይለዋል። የገባውንና የወጣውን ገንዘብ ቀን በቀን፣ ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኋላ የቀረውን ጭምር ይዘረዝራል። ሁለተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። በዚህኛው ባንኩ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምርና እከሌ ደንበኛዬ ነው፣ ሒሳቡን የከፈተው በዚህ ቀን ነው፣ ዛሬ ያለው ገንዘብ ይህን ያህል ነው ሲል ይመሰክራል። ከዚያ አልፎ ግን ዋስ አይሆንም፤ ደንበኛው ነገ ገንዘቡን ቢያወጣ ባንኩን የሚጠይቀው የለም። ቪዛ ሰጪዎች ከምስክርነቱ ይልቅ ዝርዝሩን አጥብቀው የሚያነቡት ለዚህ ነው።

ሁለቱም ወረቀቶች የሚወጡት በባለ ሒሳቡ ጥያቄ ነው። የደንበኛ ሒሳብ ምስጢር ስለሆነ ተማሪዋ የአባቷን ስቴትመንት ልቀበል ብትል አይሰጧትም። አባትየው ራሱ መታወቂያውን ይዞ ይቀርባል፤ ካልቻለም ሕጋዊ ውክልና ይሰጣል። ማህተም ባለበት ወረቀት ፈንታ የቁጠባ ደብተሩን ማሳየት ወይም ከስልክ ላይ ቀሪ ሒሳብን ፎቶ ማንሳት አይበቃም። ገንዘቡም በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ባለ ባንክ መሆን አለበት። ድሮ አብቁተ ይባል የነበረው ተቋም አሁን ፀደይ ባንክ ሆኗልና በዚያ የሚቆጥብ ገበሬ ስቴትመንት ያገኛል፤ እቁብ ውስጥ ያለ ብር ግን ወጥቶ ባንክ እስኪገባ ድረስ ለቪዛ እንደሌለ ይቆጠራል።

ማመልከቻው ራሱ አጭር ነው። የሚከብደው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚጠየቅ መወሰኑ ነው። የብሪታንያን የተማሪ ቪዛ እንውሰድ። ለትምህርትና ለኑሮ የሚያስፈልገው ገንዘብ በሒሳቡ ውስጥ ለ28 ተከታታይ ቀናት መቆየት አለበት፤ በመካከሉ ለአንድ ቀን እንኳ ከሚፈለገው በታች ከወረደ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። የ28ቱ ቀን መጨረሻም ለቪዛ ከሚያመለክቱበት ቀን ከ31 ቀን በላይ ወደ ኋላ መራቅ የለበትም።

አንድ የጅጋ በርበሬ ነጋዴ በ2017 ዓ.ም. ልጁን ለመላክ ተነሳ እንበል። ጥር 20 በርበሬውን ሸጦ የሚፈለገውን ገንዘብ ባንክ አስገባ። እንደዚያ ቢተወው 28ኛው ቀን የካቲት 17 ላይ ይሞላለት ነበር። የካቲት 12 ግን እህል ለመግዛት ጥቂት አወጣና ቀሪው ከሚፈለገው በታች ወረደ፤ በማግስቱ፣ የካቲት 13፣ መልሶ አሟላው። እሱ ዘንድ ገንዘቡ ተመልሷል፤ ስቴትመንቱ ላይ ግን ክፍተቱ በግልጽ ይታያል። አዲሱ ቆጠራ ከየካቲት 13 ጀምሮ መጋቢት 10 ላይ ያልቃል። የካቲት 20 ሄዶ ወረቀቱን ቢያወጣ፣ ማህተሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የልጁ የቪዛ ጥያቄ ውድቅ ይሆናል። ማመልከቻውን መጋቢት 11 ቢያስገባ ይሻለዋል፤ እንዲህ ብሎ፦

ቀን፦ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ… ባንክ ጅጋ ቅርንጫፍ

ጅጋ

ጉዳዩ፦ የሒሳብ መግለጫና የድጋፍ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ስሜ በተያያዘው መታወቂያ የተገለጸው እኔ የባንኩ ደንበኛ፣ በሒሳብ ቁጥር … ገንዘብ አስቀምጣለሁ። ልጄ ወደ ብሪታንያ ለትምህርት ለመሄድ ለቪዛ ስለምታመለክት፣ ከመስከረም 10 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 20/09/2024) እስከ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 19/03/2025) ያለው የሒሳብ እንቅስቃሴዬ በእንግሊዝኛ ታትሞ በየገጹ ማህተም እንዲደረግበት፣ እንዲሁም ሒሳቡ የተከፈተበትን ቀንና የዛሬውን ቀሪ ገንዘብ የሚገልጽ የድጋፍ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ። ስሜ በፓስፖርቴ ላይ የተጻፈበትን ፊደል ቅጂ አያይዣለሁ። ለአገልግሎቱ የሚጠየቀው ክፍያ ከሒሳቤ ይቀነስ።

ከሰላምታ ጋር

(ስምና ፊርማ)

ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈው ለጌጥ አይደለም። የባንኩ ኮምፒውተር የሚሠራው በአውሮፓውያን ቀን ነው፤ ሠራተኛው ከጥድፊያ ብዛት አንድ ወር ቢስት የ28ቱ ቀን መጀመሪያ ከወረቀቱ ሊወድቅ ይችላል። ለ28 ቀን ብቻ ሳይሆን ለስድስት ወር የተጠየቀው ደግሞ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ እንዲታይ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለጎጃም ገበሬና ነጋዴ ይብሳል። ደመወዝተኛ በየወሩ ተመሳሳይ ብር ይገባለታል። የበርበሬና የበቆሎ ገንዘብ ግን ከመኸር በኋላ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ክረምቱን ባዶ የነበረ ሒሳብ በጥር ድንገት ሲሞላ ለማያውቅ አንባቢ የተበደረ ብር ይመስላል። ባንኩ ይህን ሊያብራራ አይችልም፤ የሚያትመው ቁጥር ብቻ ነው። የሚያብራራው አባትየው ነው፦ የንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ደረሰኙን፣ የሽያጭ ሰነዱን ወይም ከቀበሌው የመሬት ይዞታውን የሚያረጋግጥ ወረቀት አስተርጉሞ ያያይዛል። ገንዘቡ የወላጅ ስለሆነ የልጅቷ የልደት ምስክር ወረቀትና አባትየው ገንዘቡን ለትምህርቷ እንደፈቀደ የሚገልጽ ደብዳቤም ይጨመራል።

ስምም ብዙ ጊዜ ያሰናክላል። ጌትነት ባንክ ውስጥ Getnet፣ ፓስፖርት ላይ Getinet ሊሆን ይችላል፤ ልጅቷም አባቷን በአንደኛው፣ የልደት ምስክር ወረቀቷ በሌላው ሊጠሩት ይችላሉ። ባንኩ የሚያትመው በሒሳቡ የተመዘገበውን ፊደል ስለሆነ እርማቱ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ቢጠየቅ ይሻላል። ከታተመ በኋላ በእስክሪብቶ የተደለዘ ስቴትመንት ከስህተቱ ይብሳል።

ሌላው የብር ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተፈቀደ ወዲህ ብር በእጅጉ ወርዷል። የድጋፍ ደብዳቤው በዕለቱ ምንዛሪ የፓውንዱን ልክ ቢጽፍም፣ ብሪታንያውያን የሚያሰሉት ማመልከቻው በገባበት ቀን ዋጋ፣ ኦአንዳ በተባለው ድረ ገጽ ነው። ልክ የሚፈለገውን ብቻ ያስቀመጠ ሰው መጋቢት ላይ በቂ የነበረው ሚያዝያ ላይ ሊጎድልበት ይችላል፤ ስለዚህ ትርፍ ያስቀምጣል።

ወረቀቱ ሲሰጥ መስኮቱን ሳይለቁ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ክቡ ማህተም በየገጹ አርፏል? የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ከፊርማው ሥር በቲተር ተመትቷል? የቅርንጫፉ ስልክ አለ? የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን ከማመልከቻው ጋር ይገጥማል? የድጋፍ ደብዳቤው ቀሪ ገንዘብ ከስቴትመንቱ መጨረሻ መስመር ጋር ካልገጠመ፣ ምናልባት በመጋቢት 11 ጠዋት ገንዘብ ተንቀሳቅሷል፤ ይህም ወይ ይብራራል ወይ ይታረማል። ሁሉም ከተገጣጠመ አባትየው እስከ ሚያዝያ 11 ቀን ድረስ ጊዜ አለው። ከዚያ በኋላ ልጅቷ የምታመለክት ከሆነ ማህተሙ እውነተኛ ቢሆንም ቀኑ ያለፈበት ስለሚሆን፣ ያው ማመልከቻ በአዲስ ቀን ተጽፎ እንደገና ይገባል።