በማብቂያው ቀን ማን ይከፍላል?

በአሜሪካ ገበያ አንድ የኦፕሽን ውል አብዛኛውን ጊዜ 100 አክሲዮን ይሸፍናል። ኮል በተወሰነ ዋጋ የመግዛት፣ ፑት ደግሞ የመሸጥ መብት ነው።

አንድ አክሲዮን 50 ዶላር ነው እንበል። ዋጋው በኃይል እንደሚናወጥ የጠረጠረ፣ አቅጣጫውን ግን ያላወቀ ሰው የ50 ዶላር ኮል በ3 ዶላር፣ የ50 ዶላር ፑት በ2.50 ይገዛል። ይህ ሎንግ ስትራድል ይባላል። የከፈለው በአክሲዮን 5.50፣ በጠቅላላው 550 ዶላር ነው። ስለዚህ ወጪውን የሚመልሰው በማብቂያው ቀን ዋጋው 55.50 ወይም 44.50 ሲደርስ ነው፤ ትርፉ ከዚያ ወዲያ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዋጋው 53 ቢገባ «ገምቼ ነበር» ይላሉ፤ ኮሉ ግን 3 ዶላር ብቻ ስለሚያወጣ 250 ዶላር ከስረዋል። ዋጋው 50 ላይ ከቆመማ 550ውም ይሄዳል።

ከቨርድ ኮል የተገላቢጦሽ ጠባይ አለው። 100 አክሲዮን በ50 የገዛ ሰው የ55 ዶላር ኮል በ1.50 ይሸጣል። የተቀበለው 150 ዶላር የእሱ ነውና ኪሳራው የሚጀምረው ዋጋው ከ48.50 ሲወርድ ነው። ዋጋው 55 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 650 ዶላር ያተርፋል፤ 62 ቢደርስም ያው 650 ነው፣ አክሲዮኑን በ55 ያስረክባልና። «የቤት ኪራይ» እያሉ የሚያሞካሹት አሉ፤ እኔ አይዋጥልኝም። ድርጅቱ ቢወድቅና አክሲዮኑ ዜሮ ቢገባ፣ 4,850 ዶላር የሚጠፋው ከአከራዩ ኪስ ነው።