ውሻው ላይ የሚታየው ቁንጫ ጥቂቱ ነው

ውሻው የትል መድኃኒት ከወሰደ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ጭራው ሥር ግን ያው የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ይንቀሳቀሳል። ባለቤቱ መድኃኒቱን ይጠረጥራል፤ መድኃኒቱስ ሥራውን ሠርቷል፤ ጣጣው ያለው ውሻው የሚተኛበት ምንጣፍ ላይ ነው።

ቁንጫ ውሻ ላይ የምትኖረው ካደገች በኋላ ብቻ ነው። ደም የጠገበች ሴት በቀን እስከ 40 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ስለማይጣበቅ ውሻው በተኛበት ሁሉ ይረግፋል። የሚፈለፈለው እጭ ከብርሃን ሸሽቶ የምንጣፍ ሥርና የወለል ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ቀለቡ ከውሻው ጠጉር የሚራገፈው፣ ደም ያዘለው የቁንጫ ኩስ ነው። ከዚያ ድር ፈትሎ፣ አቧራ ለብሶ ይሸሸጋል፤ የእግር ንዝረትና ሙቀት እስኪሰማው ለወራት ሊቆይ ይችላል። ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት ቁንጫ የሚወረው ለዚህ ነው። በተለመደው ግምት ከ100 ውስጥ ውሻው ላይ የሚገኙት 5 ያህሉ ናቸው።

ያቺ «ሩዝ» በእንቁላል የተሞላች የውሻ ኮሶ ትል ቁራጭ ናት። ደርቃ ስትፈነዳ እንቁላሉን የሚበላው እጩ ነው፤ ያደገች ቁንጫ አፏ ለመምጠጥ እንጂ ለማኘክ አልተሠራም። ትሉ በእጩ ሆድ ውስጥ አብሮ ያድጋል። ውሻው አሳክኮት ጠጉሩን በጥርሱ ሲፈትሽ ቁንጫዋን ይውጣታል፤ በሦስት ሳምንት ገደማ «ሩዙ» ተመልሶ ይመጣል።

ይህ ትል ጥሬ ሥጋ ከሚያመጣው ኮሶ የተለየ ነው። አልፎ አልፎ ሕፃናትን የሚይዘውም ቁንጫ ሲውጡ ነው። ስለዚህ ከትል መድኃኒቱ ጋር የቁንጫ መድኃኒት ለወራት ሳይቋረጥ ይሰጣል፤ የውሻው መኝታም በሙቅ ውኃ ይታጠባል።