ሰባት የሥራ ቀናት የሚያበቁት መቼ ነው?
በቴሌግራም የሚለቀቅ የቅጥር ማስታወቂያ እንዴት ቢጻፍ ትክክለኛው ሰው ይደርሰዋል

«ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ…» የምትለው ሐረግ ለሥራ ፈላጊ ሁሉ የታወቀች ናት። እንደ አዲስ ዘመን ባለ ጋዜጣ ላይ ስትታተም ችግር አልነበረባትም። ጋዜጣው የወጣበት ቀን በገጹ አናት ላይ ስለሚታይ አንባቢው ከዚያ ተነስቶ ይቆጥራል። ዛሬ ማስታወቂያው በቴሌግራም ከቻናል ወደ ግሩፕ፣ ከግሩፕ ወደ ግለሰብ ስልክ ይተላለፋል። ያስተላለፈው ሰው ጽሑፉን ገልብጦ ወይም በፎቶ አንስቶ ከላከው የወጣበት ቀን አብሮ አይሄድም። ከአሥር ቀን በኋላ የሚያነበው ሰው ሐረጓን ያገኛታል፤ የሚቆጥርበትን መነሻ ግን አያገኝም።

ስለዚህ የቅጥር ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት። ጽሑፉ ከቻናሉ፣ ከፎቶውና ከቀኑ ተለይቶ ብቻውን ሰው እጅ ይደርሳል። በዚያ ሁኔታም አንባቢው ሦስት ጥያቄዎችን ራሱ መመለስ መቻል አለበት፦ ሥራው ለእኔ ይሆናል? ምን ላቅርብ? እስከ መቼ?

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አዳማ ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ፈልጎ ሰኞ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ማስታወቂያ አወጣ እንበል። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «የሥራ መደብ፦ ሒሳብ ሠራተኛ። ተፈላጊ ችሎታ፦ በአካውንቲንግ ወይም በተመሳሳይ ሙያ ዲግሪ/ዲፕሎማ፣ 2/4 ዓመት የሥራ ልምድ። ደመወዝ፦ በስምምነት። አመልካቾች ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ማመልከት ይችላሉ።»

ከመጨረሻው እንጀምር። የወጣበት ቀን ይቆጠራል? ቅዳሜስ የሥራ ቀን ነው? ሁለቱም ከተቆጠሩ ጊዜው ሰኞ ኅዳር 15 ያበቃል። አንደኛው ብቻ ከተቆጠረ ማክሰኞ ኅዳር 16 ይሆናል። ሁለቱም ካልተቆጠሩ ደግሞ ረቡዕ ኅዳር 17 ላይ ይደርሳል። አንዱ ሐረግ ሦስት የመጨረሻ ቀን አወጣ ማለት ነው። ረቡዕ ማለዳ ከሐዋሳ ተሳፍሮ ማስረጃውን ይዞ የመጣ አመልካች «ትናንት አልቋል» ቢባል ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

መፍትሔው ቀጣሪው ራሱ ቆጥሮ ቀኑን መጻፉ ነው፦ «እስከ ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 26 ቀን 2025) ከቀኑ 11፡00 ሰዓት»። ዕለቱ ስሕተት ያጋልጣል። «ረቡዕ» ተብሎ ቀኑ ሐሙስ ላይ ከዋለ አንባቢው ወዲያው ጠርጥሮ ይጠይቃል። የወሩ ስም በፊደል መጻፉም ምክንያት አለው፤ «17/03/18» ተብሎ ቢቀመጥ አንዱ ኅዳር 17 ብሎ ሲያነበው ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 17 ነው ይላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ባዶ «11፡00» ከረፋዱ አምስት ሰዓት ይሁን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት አይለይም፤ «ከቀኑ» የምትለዋ ቃል ግን ጥርጣሬውን ትቆርጠዋለች።

ቀጥሎ ተፈላጊው ችሎታ አለ። «ተመሳሳይ ሙያ» ሲባል የባንክ፣ የማኔጅመንትና የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ሁሉ ያመለክታል፤ መራጩ ግን በልቡ አካውንቲንግን ብቻ ሊፈልግ ይችላል። ተቀባይነት ያላቸው የትምህርት መስኮች በስማቸው ይጻፉ። «2/4 ዓመት» ደግሞ ለዲግሪ ሁለት፣ ለዲፕሎማ አራት ማለት መሆኑን የሚያውቀው በማስታወቂያ ንባብ የሠለጠነ ሰው ነው። አዲስ ተመራቂ «ከሁለት እስከ አራት» ብሎ ሊያነበው ይችላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመርበት ይገላገላል።

ትክክለኛውን ሰው የሚስበው ግን ከዲግሪው ይልቅ የሥራው ዝርዝር ነው። ፋብሪካው የሚፈልገው ሰው የወር ሒሳብ ይዘጋል፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ ያዘጋጃል፣ የደመወዝና የጡረታ መዋጮ ይሠራል። ይህ ከተጻፈ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ «ይህማ የእኔ ሥራ ነው» ይላል፤ ገንዘብ ከመሰብሰብ ያላለፈ ልምድ ያለውም ራሱን ይመዝናል። ግዴታ የሆነውና ቢኖር የሚመረጠው ደግሞ ይለዩ። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም በሁለት ሳምንት ማስተማር ከተቻለ «ግዴታ» ውስጥ ማስገባቱ ጎበዝ ሰው ያስቀራል።

የደመወዙም ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። «በስምምነት» የሚለውን ሲያይ ሥራ ያለው ባለሙያ አሁን ከሚያገኘው ጋር ማነጻጸር አይችልም። ብዙ ጊዜም ፈቃድ ጠይቆ ለፈተና ከመሄድ ይልቅ ማስታወቂያውን ያልፈዋል። መነሻና መድረሻ ቢቀመጥ፣ ያልተጣራ መሆኑም ቢገለጽ ይበጃል።

ብዙ ሰው የሚጣለው ማስረጃ ላይ ነው። ከግል ድርጅት የመጣ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲረጋገጥ የሚፈልግ ቀጣሪ ይህን አስቀድሞ መናገር አለበት። አመልካቹ ደብዳቤውን ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ለማጻፍ ቀናት ያስፈልጉታል፤ በመጨረሻው ቀን ቢነገረው ችሎታው እያለ ይወድቃል። መልቀቂያም የሚጠየቀው ሲያመለክት ይሁን ሲቀጠር ይለይ። ገና በሥራ ላይ ያለ ሰው ሳይቀጠር መልቀቂያ ማምጣት አይችልም።

እነዚህን ሁሉ ስናስተካክል የፋብሪካው ማስታወቂያ እንዲህ ይሆናል፦

ሒሳብ ሠራተኛ፣ አዳማ፣ እስከ ኅዳር 17
ብዛት፦ 1። ደመወዝ፦ ከ14,000 እስከ 17,000 ብር (ያልተጣራ)
ሥራው፦ የወር ሒሳብ መዝጋት፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ ማዘጋጀት፣ የደመወዝና የጡረታ መዋጮ መሥራት
ግዴታ፦ በአካውንቲንግ ወይም በአካውንቲንግና ፋይናንስ፣ ዲግሪ ከምረቃ በኋላ 2 ዓመት፣ ዲፕሎማ ከምረቃ በኋላ 4 ዓመት በሒሳብ ሥራ
ቢኖር ይመረጣል፦ ፒችትሪ
ማስረጃ፦ የትምህርት ማስረጃና ግብር የተከፈለበት የሥራ ልምድ፣ ዋናውና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ። መልቀቂያ የሚጠየቀው ሲቀጠሩ ብቻ ነው
የማመልከቻ ቦታ፦ በፋብሪካው የሰው ኃይል ቢሮ በአካል
የመጨረሻ ቀን፦ ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 26 ቀን 2025) ከቀኑ 11፡00 ሰዓት

በዚህ ላይ የፋብሪካው ስም፣ አድራሻና ስልክ ይጨመራል። የመጀመሪያው መስመር ሥራውን፣ ቦታውንና ቀኑን የያዘው በቻናል ዝርዝር ላይ ጽሑፉ ሳይከፈት የሚታየው መጀመሪያው ብቻ ስለሆነ ነው። «ድርጅታችን አመልካቾችን አወዳድሮ መቅጠር ይፈልጋል» ብሎ የሚጀምር ማስታወቂያ ይህን ቦታ በከንቱ ያባክናል። ርዝመቱም በቴሌግራም ለተራ ተጠቃሚ ከፎቶ ሥር ከሚፈቀደው 1,024 ፊደል አይበልጥም። ዝርዝሩን ፎቶው ላይ ብቻ መጻፍ ግን አይገባም። በፎቶ ያለ ጽሑፍ ሲፈለግ አይገኝም፤ በስልኩ ድምፅ የሚያነብ ዓይነ ስውር አመልካችም አይሰማውም።

ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ጉድለቱን የሚያሳዩት የሚመጡት ጥያቄዎች ናቸው። «ቀኑ አልፏል?» «አዲስ ተመራቂ ይችላል?» የሚሉ መልእክቶች ከበዙ የጎደለችው መስመር ትታወቃለች። ይሁን እንጂ በቻናሉ ላይ የሚደረግ እርማት ቀድመው የተላለፉትን ቅጂዎች አይለውጣቸውም። ስለዚህ ከመልቀቅ በፊት ስለ ቅጥሩ ምንም የማያውቅ ሰው ጽሑፉን ብቻ ያንብብና ሦስቱን ጥያቄዎች ይመልስ። ሲያመነታ የታየበት መስመር እንደገና ይጻፍ።