ያውቁ ኖሯል? በ629 የሚጀምር ባርኮድ «ዱባይ ተመረተ» ማለት አይደለም

ከሱቅ የገዙትን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ያዙሩት። ከጥቁሮቹ መስመሮች ሥር 13 አኃዞች አሉ፤ የመጀመሪያው ከመስመሮቹ በስተግራ ወጣ ብሎ ብቻውን ቆሟል። የፊተኞቹ ሦስቱ 629 ከሆኑ ባለሱቁ «የዱባይ ነው» ሊልዎት ይችላል። ቁጥሩ የሚናገረው ግን የምርቱ ባለቤት ኮዱን የወሰደው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ውስጥ ካለው የባርኮድ መዝጋቢ መሆኑን ብቻ ነው። ወተቱን ኒውዚላንድ አሳሽጎ ቢያስመጣም ቁጥሩ ያው 629 ነው።

ከ690 እስከ 699 የቻይና ምዝገባ ነው። እሱን እያዩ ዕቃ የሚመልሱ ሰዎች ግን ቻይና ተሰፍቶ በጀርመን ኩባንያ ኮድ በ4 የሚጀምረውን ጫማ ደስ ብሏቸው ይገዛሉ። መጽሐፍማ የትም ይታተም በ978 ወይም በ979 ይጀምራል። የተመረተበት አገር የሚገኘው በቁጥሩ ሳይሆን በማሸጊያው ላይ በጽሑፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ በደቃቁ ፊደል።