የማመልከቻ ደብዳቤ በኢሜይሉ ዋና ጽሑፍ ላይ ይጻፍ ወይስ በአባሪነት ይላክ?

የሥራ ማስታወቂያዎች አመልካቾች የማመልከቻ ደብዳቤ፣ ሲቪ እና የትምህርት ማስረጃ በኢሜይል እንዲልኩ ሲጠይቁ፣ ደብዳቤው የት መቀመጥ እንዳለበት ብዙውን ጊዜ አይገልጹም። በዚህም ምክንያት አንዳንድ አመልካቾች ፋይሎቻቸውን አያይዘው የኢሜይሉን ዋና ጽሑፍ ባዶ ይተዉታል፤ ሌሎች ደግሞ ሙሉውን ደብዳቤ በሁለቱም ቦታ ያስቀምጣሉ። ይህ ጽሑፍ አመልካቾች የትኛውን መንገድ መምረጥ እንዳለባቸው ያብራራል።

በቅድሚያ ማስታወቂያውን ማንበብ

ማስታወቂያው ግልጽ መመሪያ ከሰጠ ውሳኔው በዚያ ያበቃል። “የማመልከቻ ደብዳቤና ሲቪ በአንድ ፋይል” የሚል ከሆነ ደብዳቤው የፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ይሆናል። “ሲቪ ብቻ አያይዛችሁ ላኩ” የሚል ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው ሊቀመጥ የሚችለው በኢሜይሉ ዋና ጽሑፍ ላይ ነው። የተፈረመ ማመልከቻ ከተጠየቀም በአባሪነት ከመላክ በቀር ሌላ አማራጭ የለም። በርካታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ምዝገባ የሚያካሂዱት በአካል ወይም በወኪል በመሆኑ፣ ኢሜይል መላክ ተቀባይነት ያለው ማስታወቂያው ከፈቀደ ብቻ እንደሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል።

ማስታወቂያው ዝም ካለ

መመሪያ በማይኖርበት ጊዜ ደብዳቤውን በፒዲኤፍ አያይዞ፣ በኢሜይሉ ዋና ጽሑፍ ላይ ከአራት እስከ አምስት ዓረፍተ ነገር የሚሆን አጭር መልእክት መጻፍ የተሻለ ነው። ምክንያቱም ከኢሜይሉ መድረስ በኋላ ከሚከናወነው ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። የሰው ኃይል ሠራተኛው አባሪዎቹን አውርዶ በሥራ መደቡ ስም በተከፈተ ፎልደር ያስቀምጣል፣ ወይም አትሞ ከአመልካቹ ማኅደር ጋር ያያይዛል። የቅጥር ኮሚቴው የሚመለከተው እነዚህን ሰነዶች ነው። በኢሜይሉ ዋና ጽሑፍ ላይ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ ግን ከሠራተኛው የኢሜይል ሳጥን ሳይወጣ ሊቀር ይችላል፤ ኮሚቴውም ሲቪውን እንጂ የአመልካቹን ማብራሪያ ላያገኝ ይችላል።

አጭሩ መልእክት የራሱ ተግባር አለው። ሠራተኛው ኢሜይሉን ሲከፍት በመጀመሪያ የሚያየው፣ ምንም ማውረድ ሳያስፈልገው የሚያነበው እሱን ነው። ዋናው ጽሑፍ ባዶ ከሆነ ላኪው ማን እንደሆነና ለየትኛው የሥራ መደብ እንዳመለከተ የሚታወቀው ፋይሎቹ ከተከፈቱ በኋላ ነው። ከማይታወቅ ላኪ የመጣ ባዶ ኢሜይል ደግሞ የማጭበርበሪያ መልእክት ሊመስል ስለሚችል ሳይከፈት የመሰረዝ ዕድል አለው።

ሙሉውን ደብዳቤ በሁለቱም ቦታ ማስቀመጥ አይመከርም። አመልካቹ አንዱን አሻሽሎ ሌላውን ሲረሳ የሥራ መደቡ ስም ወይም ቀኑ የማይጣጣምበት ሁኔታ ይፈጠራል፤ አንባቢውም የትኛውን መቀበል እንዳለበት አያውቅም።

በኢሜይሉ ዋና ጽሑፍ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ በሕግ ዋጋ የለውም የሚል ስጋት ካለ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንደማይነፈገው ይደነግጋል። ስለዚህ ምርጫው በዋናነት ከተቀባዩ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው።

ምሳሌ፦ ከኒሯቅ ወደ ሰቆጣ የሚላክ ማመልከቻ

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በአበርገሌ ወረዳ ኒሯቅ ከተማ የሚኖር አንድ የአካውንቲንግ ምሩቅ ሰቆጣ ለሚገኝ አንድ ድርጅት በኢሜይል ያመለክታል እንበል። ደብዳቤውን በጽሕፈት አገልግሎት ቤት አስጽፎ በፍላሽ ወስዷል፤ ኢሜይሉን የሚልከው ግን በስልኩ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ችግሮች ሊያጋጥሙት ይችላሉ።

የመጀመሪያው የፊደል ችግር ነው። ደብዳቤው በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ከተጻፈ፣ ፎንቱ በሌለበት መሣሪያ ላይ የአማርኛው ጽሑፍ ወደ ላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይለወጣል። ተገልብጦ በኢሜይሉ ዋና ጽሑፍ ላይ ሲለጠፍም ተመሳሳይ ችግር ይከሰታል። ይህን ለማወቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጦ ስልክ ላይ በመልእክት መጻፊያ መለጠፍ በቂ ነው፤ አማርኛው በትክክል ከተነበበ ጽሑፉ በዩኒኮድ የተጻፈ ነው ማለት ነው። ካልተነበበ መፍትሔው ጽሕፈት ቤቱ ሰነዱን ፎንቱ ባለበት በራሱ ኮምፒውተር ላይ በፒዲኤፍ እንዲያስቀምጠው መጠየቅ ነው። ፎንቱ ከፒዲኤፉ ጋር አብሮ ስለሚቀመጥ ፊደሉ ሳይለወጥ ይደርሳል። አጭሩን መልእክት ግን አመልካቹ በስልኩ የአማርኛ ኪቦርድ በቀጥታ ሊጽፈው ይገባል።

ሁለተኛው የመጠን ችግር ነው። አመልካቹ ዲግሪውን፣ የውጤት መግለጫውን፣ የልምድ ማስረጃውንና መታወቂያውን በስልክ ካሜራ ቢያነሳና እያንዳንዱ ፎቶግራፍ 5 ሜጋባይት ቢሆን፣ ድምሩ 20 ሜጋባይት ይደርሳል። አባሪ በኢሜይል ሲጓዝ መጠኑ በአንድ ሦስተኛ ያህል ስለሚጨምር ወደ 27 ሜጋባይት ይጠጋል፤ ይህም ብዙዎቹ የኢሜይል አገልግሎቶች ከሚቀበሉት በላይ ሊሆን ይችላል። የጂሜይል የአባሪ ጣሪያ 25 ሜጋባይት ነው። ከዚያ የሚበልጠው ፋይል በጉግል ድራይቭ ሊንክ ሊላክ ይችላል፤ ፈቃድ ካልተሰጠው ግን ተቀባዩ ሊንኩን ሲነካ ከሰነዱ ይልቅ ፈቃድ እንዲጠይቅ የሚያሳስብ ገጽ ይመጣለታል። በመሆኑም ማስረጃዎቹን በስልክ ስካነር መተግበሪያ ወደ አንድ ፒዲኤፍ መለወጥና መጠኑን ወደ 2 ወይም 3 ሜጋባይት ማውረድ ያስፈልጋል። ኔትወርክ በሚዳከምበት ጊዜም ትንሽ ፋይል ሳይቋረጥ የመሄድ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ከዚህ በኋላ ኢሜይሉ የሚከተለውን መልክ ይይዛል።

> ጉዳዩ፦ ለሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ የቀረበ ማመልከቻ
>
> ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
>
> ባወጣችሁት ማስታወቂያ መሠረት ለሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ አመልክቻለሁ። በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ እና የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ አለኝ። የማመልከቻ ደብዳቤ፣ ሲቪ እና የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃዎቼን በሦስት ፋይሎች አያይዣለሁ። በሚከተለው ስልክ ቁጥር ልታገኙኝ ትችላላችሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
>
> (ሙሉ ስም እና ስልክ ቁጥር)

ፋይሎቹ የአመልካቹን ስም የያዘ መጠሪያ ሊሰጣቸው ይገባል። በስልክ ካሜራ የተሰየመ ወይም “ደብዳቤ 1” የተባለ ፋይል ከሌሎች አመልካቾች ሰነድ ጋር በአንድ ፎልደር ሲቀመጥ የማን እንደሆነ አይለይም።

ደብዳቤው በዋናው ጽሑፍ ላይ ሲሆን

ማስታወቂያው አንድ ፋይል ብቻ ሲፈቅድ ወይም ደብዳቤው በኢሜይሉ ላይ እንዲጻፍ ሲጠይቅ፣ የአጻጻፉ ቅርጽ ይለወጣል። ኢሜይሉ ቀኑን ራሱ ስለሚመዘግብ ቀን መጻፍ አያስፈልግም፤ አድራሻና ስልክ ቁጥርም ከስም በታች ይሰፍራሉ። ጽሑፉ በስልክ ሊነበብ ስለሚችል ከሦስት አጫጭር አንቀጾች ባይበልጥ ይመረጣል። ሠንጠረዥና የተለየ የፊደል ቅርጽ በተቀባዩ መሣሪያ ላይ ሊዛቡ ስለሚችሉ ባይጨመሩ ይሻላል።

ከመላክ በፊት

አመልካቹ ኢሜይሉን በመጀመሪያ ወደ ራሱ አድራሻ ልኮ፣ ደብዳቤው ባልተጻፈበት ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ሊከፍተው ይገባል። ፊደሉ ከተነበበ፣ ሁሉም ፋይሎች ከተከፈቱና የሥራ መደቡ ስም በዋናው ጽሑፍና በደብዳቤው ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ ወደ ቀጣሪው መላክ ይቻላል። ይህ ሙከራ ጊዜ ስለሚወስድ ከማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ቀደም ብሎ መከናወን ይኖርበታል።