የሚበራው መብራትና ብልጭ ድርግም የሚለው

የሞተር ምልክት ያለበት ቢጫ መብራት ክሩስኮቱ ላይ በርቶ ከቀረ የግድ መደንገጥ አያስፈልግም። የነዳጅ ክዳን አለመጥበቁ እንኳ በብዙ መኪኖች ሊያበራው ይችላል። የሙቀትና የዘይት ምልክቶች ደህና ከሆኑ፣ ሞተሩም እንደ ወትሮው ከሠራ፣ በቀስታ ነድቶ በቀጣዮቹ ቀናት ማስመርመር ይበቃል።

ብልጭ ድርግም ሲል ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አራት ሲሊንደር ያለው የቤንዚን መኪና ዳገት ሲወጣ የሦስተኛው ሲሊንደር ኮይል ሞተ እንበል። ካንዴላው እሳት አይሰጥም፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቱም ይከዳል። ቤንዚኑ ሳይቃጠል ከአየሩ ጋር ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣና ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ይነዳል። የማጣሪያው ሙቀት ከ1000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍና ውስጡ ሊቀልጥ ይችላል። ለዚህ ደግሞ ጥቂት ደቂቃዎች ሊበቁ ይችላሉ። ኮይሉ ከማጣሪያው ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

ስለዚህ ሹፌሩ ወዲያው ነዳጅ መቀነስ፣ ደህና ቦታ ይዞ መቆምና ሞተሩን ማጥፋት አለበት፤ ደረቅ ሣር ላይ ግን አይቁም፣ የጋለው ጭስ ማውጫ እሳት ያስነሳል። ዳገቱ አልቆ መብራቱ ድርግም ማለቱን ቢተው እንኳ ኮይሉ አልዳነም፤ ጫናው ብቻ ነው የቀነሰው።

መመርመሪያው P0303 ካሳየ መካኒኩ የሦስተኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር ያቀያይራል። ኮዱ ወደ P0302 ከዞረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፤ ካልዞረ ካንዴላውንና የነዳጅ መርጫውን ያያል።