ዜናው አራተኛው አንቀጽ ላይ ሲቀር

አንድ የከተማ ውሃና ፍሳሽ ጽሕፈት ቤት ለዜና ክፍል መግለጫ ላከ እንበል። መክፈቻው «ጽሕፈት ቤታችን የኅብረተሰቡን የንጹህ መጠጥ ውሃ ፍላጎት ለማርካት ሌት ተቀን በመትጋት ላይ ይገኛል» ይላል። ሁለተኛው አንቀጽ የሥራ አስኪያጁ ንግግር ነው፤ ሦስተኛው የዓመቱን ክንውን ይዘረዝራል። በቀበሌ 03 እና 05 ከፊታችን ማክሰኞ እስከ ሐሙስ ውሃ እንደሚቋረጥ የተጠቀሰው አራተኛው አንቀጽ ውስጥ ነው። ሰኞ ማታ ጀሪካን መሙላት ያለባት እናት እዚያ ድረስ አታነብም።

አርታኢው መጀመሪያ ምንም ሳይነካ እስከ መጨረሻው ያነባል። የሚፈልገው ቀን፣ ቦታና በሰው ኑሮ ላይ የሚለወጥ ነገር ነው። «በመትጋት ላይ ይገኛል» የሚለው ትናንትም እውነት ነበር፣ ነገም ይሆናል፤ ስለዚህ ዜና አይደለም። የውሃው መቋረጥ ግን ቀን ተቆርጦለታል።

አንቀጹን ወደ ላይ ማውጣት ብቻውን አይበቃም። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ «የአገልግሎት ጥራትን ለማሻሻል በተያዘው ዕቅድ መሠረት ያረጀውን ዋና መስመር ለመቀየር በሚካሄደው ሥራ ምክንያት…» ብሎ የጀመረ ሰው ዜናውን እንደገና ቀብሮታል። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት መቁረጥ ነው፦ «በቀበሌ 03 እና 05 ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ውሃ ይቋረጣል። ምክንያቱ የዋናው መስመር መቀየር መሆኑን የከተማው ውሃና ፍሳሽ ጽሕፈት ቤት አስታውቋል።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። መግለጫው መጨረሻ ላይ «አዲሱ ቧንቧ በወቅቱ ከደረሰ» የሚል ሐረግ ቢኖርስ? ዜናውን ወደ ላይ ወስዶ ቅድመ ሁኔታውን ታች የተወ አርታኢ፣ ጽሕፈት ቤቱ ያላለውን እንዳለ አድርጎታል። እንግዲያው «ይቋረጣል» የሚለው «ሊቋረጥ ይችላል» ይሆናል፤ ጉዳዩ በቧንቧው መድረስ ላይ የተመሠረተ መሆኑም እዚያው መጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ይገባል። «የፊታችን ማክሰኞ» የሚለውም መጣራት አለበት። ደብዳቤው ዓርብ ተጽፎ በሚቀጥለው ረቡዕ ቢደርስ፣ የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ አንባቢው አያውቅም። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያውን ደውሎ ጠይቆ ወሩንና ቀኑን መጻፍ ግድ ነው፤ ከወረቀቱ ገምቶ መሙላት አይገባም።

የቀረው ጽሑፍ ሁሉ ይጣላል ማለት ግን አይደለም። የሥራ አስኪያጁ ንግግር በአብዛኛው ምስጋና ቢሆንም፣ መሃሉ ላይ በሦስቱ ቀናት ለጤና ጣቢያው በቦቴ ውሃ እንደሚቀርብ ተናግረው ይሆናል። ታማሚ ያለበት ቤተሰብ ይህን ማወቅ ስለሚፈልግ ሁለተኛው አንቀጽ የሚጀምረው በዚሁ ነው። የዓመቱ ክንውን ቦታ ከተረፈ ከታች ይገባል።